ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ወይስ ኤምአርአይ? ለጎጃም ታካሚና አስታማሚ የተዘጋጀ ንጽጽር

አማትየው ከአልትራሳውንድ ክፍሉ በር ላይ ቆመው የምራታቸውን እጅ ለቀቅ አላደርግም አሉ። "ዶክተር፣ ነፍሰ ጡር ናት እኮ። ጨረሩ ፅንሱን ያቃጥልብኛል" አሉኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ በእኛ አገር ዶክተር ነው። ባልየው ደግሞ በሌላ በኩል እጄን ያዝ አድርጎ፣ "ሲቲ የሚባለው ትልቁ ይነሳልን። በሬውንም ቢሆን ሸጬ እከፍላለሁ" ይለኛል።

የምሠራው በምሥራቅ ጎጃም ባለ አንድ ሆስፒታል የራጅ ክፍል ነው። እነዚህ ቤተሰቦች ከቢቸና አካባቢ ነበር የመጡት። ሁለቱም ለልጅቷ አስበው ነው የተናገሩት። ነገር ግን አማትየው የፈሩት ጭራሽ ጨረር የሌለውን መሣሪያ ነው። ልጃቸው የለመነኝ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጨረር ያለውን። ይህ ግራ መጋባት በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። ስለዚህ አራቱን መሣሪያዎች ጎን ለጎን አድርጌ ላስረዳችሁ። የእነዚህን ቤተሰቦች ነገር መጨረሻም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ በምን እንመዝናቸው?

"የትኛው ይሻላል?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ማረሻና ማጭድ የትኛው ይሻላል እንደማለት ነው። እኔ የምመዝነው በአራት ነገር ነው።

አንደኛው የምንፈልገው ነገር ነው። አጥንት ነው? አየር ነው? ፈሳሽ ነው? ወይስ እንደ ነርቭና አንጎል ያለ ለስላሳ አካል? ሁለተኛው ጨረር ነው፤ በተለይ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር። ሦስተኛው ጊዜ ነው። ሕመሙ ሰዓት የማይሰጥ ከሆነ ሁለት ቀን የሚያስጠብቅ ጥሩ መሣሪያ ጥሩ አይደለም። አራተኛው ርቀትና ወጪ ነው። የማሽኑ ክፍያ ብቻ አይደለም። ትራንስፖርቱ፣ የአልጋው፣ የአስታማሚው ቀለብ ሁሉ ይደመራል።

ጨረሩ ለምን ይለያያል?

ራጅና ሲቲ የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ጨረር ነው። ይህ ጨረር ጉልበቱ ብርቱ ነው። በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ የሴሎችን የዘር ቅንጣት ሊነካ ይችላል። ሰውነት አብዛኛውን ጉዳት ራሱ ይጠግነዋል። ሳይጠገን የሚቀረው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ለካንሰር መነሻ ሊሆን ይችላል። ፍርሃቱ ከዚህ የመጣ ነው፤ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ወሳኙ ነገር መጠኑ ነው።

አልትራሳውንድ ግን ድምፅ ነው። ጆሯችን የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ወደ ሰውነት ይላካል፣ እየተጋጨ ይመለሳል፣ ከሚመለሰው ማሚቶ ምስል ይሠራል። ኤምአርአይ ደግሞ ማግኔትና የሬዲዮ ሞገድ ነው። በሰውነታችን ውኃና ስብ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን ምልክት እየተቀበለ ምስል ይሠራል። ሁለቱም ያን ሴል የሚነካ ጨረር የላቸውም።

መጠኑን ለማስረዳት አንድ የታወቀ መለኪያ አለ። ሰው ሁሉ ሆስፒታል ባይረግጥም ከአፈር፣ ከአየር፣ ከምግብና ከጠፈር ጨረር ያገኛል። ሰውነት የሚያገኘው ጨረር በሚለካበት በሚሊሲቨርት ሲቆጠር የዓለም አማካዩ በዓመት 2.4 ነው። ከጠፈር የሚመጣው ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ይጨምራል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ የእኛ ደገኛ ከባሕር ዳርቻ ሰው በለጥ ያለ የጠፈር ጨረር እያገኘ ነው የሚኖረው። ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም። ጨረር ከሆስፒታል ብቻ የሚመጣ ነገር እንዳልሆነ ግን ያሳያል።

በዚህ መለኪያ የእጅ ወይም የእግር ራጅ የጥቂት ሰዓታት ያህል ነው። የደረት ራጅ ቢበዛ የሁለት ሳምንት ያህል። የወገብ አጥንት ራጅ ወደ 1.5 ሚሊሲቨርት ስለሚደርስ የሰባት ወር ያህል ይሆናል። የጭንቅላት ሲቲ ወደ 2፣ የሆድ ሲቲ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሚሊሲቨርት ነው። ማለትም የሆድ ሲቲ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ኑሮ የሚያመጣውን ያህል በአንድ ጊዜ ይሰጣል።

ሲቲ ለምን እንዲህ በዛ? ራጅ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ አንድ ጥላ ያነሳል። ሲቲ ግን የራጁን ቱቦ በሰውየው ዙሪያ እያሽከረከረ በመቶዎች ከሚቆጠር አቅጣጫ ያነሳል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሰውነቱን እንደ ዳቦ በስስ በስሱ ቆርጦ ያሳያል። ያ ሁሉ ቁርጥ በነፃ አይመጣም።

10 ሚሊሲቨርት የሚጨምረው አደጋ ከ2,000 ሰው በአንዱ ላይ ገዳይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ተብሎ ይገመታል። ከእነዚያው 2,000 ሰዎች ያለ ምንም ሲቲ በካንሰር የሚሞቱት በመቶዎች ስለሚሆኑ ጭማሪው ትንሽ ነው። ለልጆች ግን ከፍ ይላል፤ ሴሎቻቸው ገና እየተባዙ ናቸው፣ ከፊታቸው ያለው ዕድሜም ረጅም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑ ሲቆም ጨረሩም ያበቃል፤ አምፖል እንደማጥፋት ነው። በሰውነት ውስጥ የሚቀር የለም። ራጅ የተነሳች እናት ወዲያው ልጇን ማጥባት ትችላለች።

ራጅ፦ ርካሹና ቅርቡ

ራጅ አጥንትና አየርን በደንብ ያሳያል። ለስብራት፣ ለሳንባ ምች፣ ለቲቢ መጀመሪያ የሚታዘዘው እሱ ነው። ለስለስ ያሉ አካላትን ግን አንዱን ከሌላው አይለይም።

ለእኛ አካባቢ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። በአገራችን ገጠር አንጀት የመጠማዘዝ ሕመም ብዙ ነው፤ በተለይ በትልልቅ ወንዶች። ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ሰገራም ፈስም አይወጣም። እንዲህ ያለውን ሰው አስተኝተን የሆድ ራጅ ስናነሳ የተነፋው አንጀት እጥፍ ብሎ ትልቅ የቡና ፍሬ መስሎ ይታያል። መሃሉ ላይ ያለው መስመር ሳይቀር። ይህን ካየን ብዙ ጊዜ ሲቲ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ በሽተኛው በቀጥታ ወደ ቀዶ ሐኪም ነው የሚሄደው።

አልትራሳውንድ፦ በባለሙያው እጅ የሚሠራ

ፈሳሽና ለስላሳ አካል ያሳያል። ለእርግዝና፣ ለሐሞት ጠጠር፣ ለጉበት፣ ለኩላሊት፣ ለማሕፀንና ለእንቁላል ማምረቻ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። ርካሽ ነው፤ ቶሎ ያልቃል።

ሁለት ጠላት አለው፤ አየርና አጥንት። ድምፁ በአየር አያልፍም። ሆድ ላይ ያን ቀዝቃዛ ጄል የምንቀባው በመሣሪያውና በቆዳው መካከል አየር እንዳይገባ ነው። አንጀት ውስጥ ጋዝ ካለ ግን ጄል አያድነንም። ከጋዙ ጀርባ ያለው ሁሉ ይጨልማል።

ሌላው፣ ውጤቱ በያዘው ሰው እጅ ላይ በጣም ይወሰናል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ "አልታየም" የሚል ቃል ካያችሁ "የለም" ማለት እንዳልሆነ እወቁ። ይህን ብዙ ሰው ያሳስተዋል፤ በኋላ ወደዚያች ልጅ ስመለስ ታዩታላችሁ።

ሲቲ ስካን፦ ሰዓት በማይሰጥ ነገር

ከባጃጅ ወይም ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ራሱን የሳተ ሰው ሲመጣ ሲቲ ወደር የለውም። አዲስ የፈሰሰ ደም ጭንቅላት ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ማንሳቱም ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። ድንገት ግማሽ አካሉ ለሰነፈ ሰውም እንዲሁ፤ ደም ፈስሶ ነው ወይስ ሥሩ ተዘግቶ የሚለው ሳይታወቅ ሕክምናው አይጀመርም። እዚህ ላይ ጨረርን ፈርቶ መዘግየት ትልቅ ስህተት ነው።

የማልስማማው በሌላው ዓይነት ነው። ለተለመደ ራስ ምታት፣ "ለማጣራት ያህል" የሚነሳ። ከዚያ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ድግምግሞሹ ነው። አንድ አዛውንት በወር ውስጥ ሁለት ጊዜ የሆድ ሲቲ ተነሱ። ሕመማቸው ተለውጦ አይደለም። የመጀመሪያውን ሲዲ ቤት ትተውት ስለመጡ ነው።

ደም ሥር ውስጥ የሚሰጥ ማድመቂያ መድኃኒትም ይኖራል። የኩላሊት ሕመም ካለ ወይም ከዚህ በፊት መድኃኒቱ አሳክኮ፣ አሳብጦ ከሆነ ሳይወጋ በፊት ተናገሩ።

ኤምአርአይ፦ ለነርቭና ለአንጎል

የአንጎል ዕጢ፣ የአከርካሪ ነርቭ፣ የዲስክ መንሸራተት፣ የጉልበት ጅማት በዚህ የሚያህለው የለም። ጨረርም የለውም። ታዲያ ለምን ለሁሉ አይታዘዝም? ውድ ነው፤ በየሆስፒታሉ የለም፤ አንዱ ሰው ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ መተኛት አለበት፤ ጩኸቱም ጆሮ ይበሳል። በጭንቅ ላይ ላለ ሰው አይሆንም።

ደግሞም የራሱ አደጋ አለው፤ ብረት። የተለመደው 1.5 ቴስላ ማሽን ማግኔቱ ከምድር ማግኔት ወደ 30,000 ጊዜ ይበረታል። በሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይት ወይም ፍንጣሪ፣ የልብ ምት ማስተካከያ፣ በብየዳ ሥራ ዓይን ውስጥ የገባ ብናኝ ካለ ሳትደብቁ ንገሩ። ስለ ጥይቱ መናገር የሚፈራ ሰው አለ። እኛ የምንጠይቀው እንዴት እንደገባ ሳይሆን የት እንዳለ ነው።

ማተብን በተመለከተ ብዙ እናቶች ይጨነቃሉ። ክሩ አይበጠስም። የምናስወልቀው የተንጠለጠለውን መስቀል ነው፤ ብር ይሁን ሌላ ብረት በዓይን ስለማይለይ ሁሉም ይወልቃል። አስታማሚው ይዞት ውጪ ይቆያል።

ወገቡን ያመመው ሁሉ ኤምአርአይ አያስፈልገውም። ሸክም አንስቶ፣ ሲያርስ ውሎ የጀመረ ሕመም አብዛኛው በስድስት ሳምንት ውስጥ ይሻለዋል። እግር ከሰነፈ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ካለ ግን ቶሎ መታየት አለበት። የአከርካሪ ቲቢም በእኛ አገር አለ፤ እሱም በዚህ ይታያል።

የቢቸናዋ ልጅ

ዕድሜዋ 24፣ እርግዝናዋ አምስት ወር። ሕመሙ ትናንት እኩለ ቀን ላይ እምብርቷ አካባቢ ጀመረ። ማታ ወደ ቀኝ ዞረ። ምግብ አስጠላት፣ አስመለሳት፣ አተኮሳት። ሐኪሙ ትርፍ አንጀት ጠረጠረ።

እርጉዝ ባትሆን ኖሮ አልትራሳውንድ፣ ካልለየ ሲቲ ይሆን ነበር። ለእሷ ግን ቅደም ተከተሉ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ ያለ ማድመቂያ የሚነሳ ኤምአርአይ፣ ሲቲ መጨረሻ ነው። ራጅ ለትርፍ አንጀት የሚነግረን እምብዛም ነገር የለም።

ለአማትየው ድምፅ እንጂ ጨረር እንዳልሆነ ነገርኳቸው። አብረው ገቡ። የፅንሱ ልብ ስክሪኑ ላይ ሲመታ አዩት፤ ያን ጊዜ እጇን ለቀቁላት።

ውጤቱ ግን ግልጽ አልነበረም። ፅንሱ ደህና ነው። የቀኝ ኩላሊት ትንሽ ሰፋ ብሏል። ይህ ማሕፀኑ ሽንት ቱቦውን ሲጫነው በእርግዝና የሚጠበቅ ነው፤ "የኩላሊት ጠጠር ነው" ብሎ መዘናጋት ግን እዚህ ላይ ይመጣል። ትርፍ አንጀቷ አልታየም። ማሕፀኑ እያደገ ሲሄድ ትርፍ አንጀትን ከቦታው ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በተለመደው ቦታ ፈልጎ ማጣት የተለመደ ነው። የደም ምርመራውም ብዙ አልረዳም። ነጭ የደም ሴል በእርግዝና ጊዜ እንዲሁም ከፍ ይላል።

ባልየው "ይኸው አልታየም ተባለ፤ ትልቁ ይነሳልን" አለ። እውነትም ነገሩ ተከፈለ። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ለኤምአርአይ መላክ ሰዓታት ይፈልጋል። ትርፍ አንጀት ከፈነዳ ደግሞ ፅንሱ የመጥፋቱ ዕድል በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ለፅንሱ ከጨረሩ በላይ የሚያሰጋው መዘግየቱ ነበር።

ስለ ሲቲው የነገርኩት ይህን ነው። የሆድ ሲቲ ለፅንሱ የሚያደርሰው ጨረር፣ ሚሊግሬይ በሚባለው ሌላ የጨረር መለኪያ፣ በአብዛኛው ወደ 25 ወይም ከዚያ በታች ነው። ከ50 ሚሊግሬይ በታች የአካል ጉድለት ወይም ውርጃ ሲጨምር አልታየም። በኋላ የልጅነት ካንሰር የመምጣት ዕድሉ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሲቲ ለነፍሰ ጡር ክልክል አይደለም። ሌላ መንገድ ሲጠፋና ሕይወት ሲያሰጋ ይነሳል።

ግን ገና አንድ መንገድ ነበረን። ልምድ ያለው የራዲዮሎጂ ሐኪም መጣና በግራ ጎኗ አስተኛት። ማሕፀኑ ወደ ግራ ዘመም ሲል የቀኙ ሆድ ተከፈተ። መሣሪያውን ቀስ በቀስ እየተጫነ ጋዙን ገፋው። ከለመድነው ቦታ ከፍ ብሎ፣ መጨረሻው ዝግ የሆነ ቱቦ ታየ። ስፋቱ 9 ሚሊሜትር፤ ከ6 በላይ ከሆነ ይጠረጠራል። ጤነኛ ትርፍ አንጀት ሲጫኑት ይጨፈለቃል፤ ይሄ አልተጨፈለቀም። ልክ ጫፉ ላይ ሲደርስ ልጅቷ "እዚህ ጋ ነው!" ብላ እጁን ያዘችው።

በዚያው ቀን ኦፕራሲዮን ሆነች። ትርፍ አንጀቷ አብጦ ነበር፤ አልፈነዳም። ሲቲም ኤምአርአይም አላስፈለገም። በሬውም አልተሸጠም።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| | ራጅ | አልትራሳውንድ | ሲቲ ስካን | ኤምአርአይ |
|---|---|---|---|---|
| የሚሠራው በ | ጨረር | ድምፅ | ጨረር፣ ዙሪያውን | ማግኔትና ሬዲዮ ሞገድ |
| ጨረር | ትንሽ (ደረት ቢበዛ 2 ሳምንት፣ ወገብ 7 ወር ያህል) | የለውም | ብዙ (ጭንቅላት 10 ወር፣ ሆድ 3–4 ዓመት ያህል) | የለውም |
| የሚበልጥበት | ስብራት፣ ሳንባ፣ የተጠማዘዘ አንጀት | እርግዝና፣ ሐሞት፣ ኩላሊት፣ ማሕፀን | የጭንቅላት አደጋ፣ ስትሮክ፣ የውስጥ ደም መፍሰስ | ነርቭ፣ አንጎል፣ ዲስክ፣ ጅማት |
| የሚደክምበት | ለስላሳ አካል | ጋዝ፣ አጥንት | ነርቭና ጅማት | የሚጣደፍ ሕመም፣ በሰውነት ያለ ብረት |
| ጊዜ | ደቂቃ | 10–30 ደቂቃ | ደቂቃዎች | 20–45 ደቂቃ |
| ወጪ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ከፍ ያለ | ከሁሉም ከፍተኛ |

እንደየሰዉ

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ወር አበባሽ ከዘገየ ራጅም ሲቲም ከመነሳትሽ በፊት ተናገሪ፤ ባልሽ ፊት መናገር ካልፈለግሽ ለባለሙያው ብቻ ሹክ ማለት ይቻላል። የእጅ፣ የእግርና የደረት ራጅ ፅንሱን የሚነካው ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ስለዚህ ቲቢ ከተጠረጠረ ራጁን አትሽሺው።

ልጅ ይዛችሁ ከመጣችሁና ሲቲ ከታዘዘ፣ "በአልትራሳውንድ ሊታይ አይችልም ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቀየምም። መልሱ "አይችልም፤ ጭንቅላቱን ተመትቷል" ከሆነ ግን አትከራከሩ፤ ማሽኑ ለልጅ መጠን ተስተካክሎ ይነሳል።

ኪሳችሁ ሳሳ ያለ ከሆነ በቅርቡ ጤና ተቋም ጀምሩ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው የሪፈር ወረቀቱን ሳይዝ በቀጥታ ከተማ ከሄደ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ገንዘብ ያላችሁ ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ "ሙሉ ሰውነት" ለመነሳት አትሂዱ። ምንም የማይጎዳ ነገር ይገኝና እሱን ለማጣራት ሌላ ሲቲ ትነሳላችሁ።

ርቀት ለምትጓዙ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ስልክ አስደውሉ። ማሽኑ እየሠራ መሆኑን፣ ቀጠሮ መኖሩን፣ ሳይበላ መምጣት ያስፈልግ እንደሆነ አረጋግጡ። ተበላሽቶ የቆመ ማሽን ጋ አባይ በረሃን አቋርጦ መድረስ ከሕመሙ ይብሳል።

የቀድሞ ፊልምና ሲዲ ካለ ሁልጊዜ ይዛችሁ ኑ፤ የወረቀቱ ውጤት ብቻ አይበቃም። ቤት ስታስቀምጡም ፊልሙን አትጠፉት፣ በላስቲክ ጠቅልሉት፣ ጭስ ከማይደርስበት ቦታ ዘርግታችሁ አስቀምጡት። ሲዲውን ከፊልሙ ጋር አንድ ላይ አድርጉትና ላዩ ላይ የተነሳበትን ቀን ጻፉበት።